ለአከራያችን የጻፍኩት የድምፅ አቤቱታ

«እሺ ልጄ፣ ታዲያ ምን ላድርግልሽ? ላስወጣው?»

አከራያችን ይህን የጠየቁኝ በሚያዝያ አጋማሽ፣ ስለ ጎረቤቴ የሌሊት ድምፅ በስልክ ባመለከትኳቸው ጊዜ ነበር። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ከእሳቸው የምፈልገውን ነገር ለይቼ እንድነግራቸው ከልባቸው ጠይቀውኝ ነበር። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። ልጁን እንዲያስወጡት አልፈልግም። ውኃ በሌሊት በሚመጣበት ተራችን ተነሥቶ የእኔንም ጀሪካኖች የሚሞላ፣ ልጄን በአክብሮት የሚያናግር፣ እዚህ ባሕር ዳር ከጣና ሐይቅ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ እስከ ምሽት የሚሠራ ወጣት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው። ይሁን እንጂ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ገብቶ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘው ውፈር ከእኔ አልጋ ራስጌ ጀምሮ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ እስከ 6 ሰዓት ይቀጥላል። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ እገባለሁ፤ ልጄም ለ8ኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀ ነበር።

የአከራያችን የጋሼ ጥያቄ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም አልለቀቀኝም። የነገርኳቸውን ሁሉ በልቤ መልሼ ስሰማው፣ በውስጡ ለእሳቸው የሚሆን ሥራ እንደሌለበት ገባኝ። «ሌሊት ይረብሸናል፣ አያስተኛንም» ብያለሁ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዓባይ ማዶ የሚኖሩ ሽማግሌ፣ ሽምብጥ ሰፈር ባለ ግቢ ውስጥ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ የሚከፈትን ቴሌቪዥን ምን ሊያደርጉት ይችላሉ? በአቤቱታዬ ውስጥ የተውኩላቸው ሁለት በር ብቻ ነበር፤ ልጁን መገሠጽ ወይም ልጁን ማስወጣት። ተግሣጹን አንድ ጊዜ ሞክረውታል፤ ለጥቂት ቀናት ሠርቶ ተመለሰ። የቀረው ሁለተኛው በር ነበር፤ እሱን ደግሞ ማናችንም አልፈለግነውም።

በተከራይና በአከራይ መካከል የሚነሣ የድምፅ ክስ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የምናመለክተው ስለ ሰው ጠባይ ነው፤ አከራዩ ግን በእጁ ያለው ቤቱ፣ አጥሩ፣ በሩና ውሉ ነው። በእጁ ባለው ነገር የሚፈጸም ጥያቄ ካላቀረብንለት፣ ወይ ዝም ይላል ወይ ከባዱን ዱላ ያነሣል። ስለዚህ ለጋሼ በጽሑፍ አቤቱታ ከማቅረቤ በፊት፣ ከዚህ ሁሉ ድምፅ ውስጥ የእሳቸው ቤት ድርሻ የቱ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ድምፁ በየት ነበር የሚመጣው?

መጀመሪያ ያደረግሁት ሌሊቱን መጻፍ ነው። በልጄ አሮጌ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ድምፁ የተጀመረበትንና ያቆመበትን ሰዓት፣ የድምፁን ዓይነትና እኛን ምን እንዳደረገን በየዕለቱ አሰፈርኩ። «የድምፁ ዓይነት» የሚለውን ዓምድ ያስገባሁት ብዙም ሳላስብበት ነበር፤ ኋላ ግን ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ሆነ። ደብተሩ ሲሞላ፣ እኔ በአንድ ስም «ረብሻ» እለው የነበረው ነገር ሦስት የተለያየ ነገር መሆኑ ታየኝ። አንደኛው ንግግር ነው፤ የዜና አንባቢውን ቃል ከነስሙ፣ ከነቁጥሩ ለይቼ እሰማለሁ። ሁለተኛው ቃል የሌለው፣ ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ ጉምታ ነው። ሦስተኛው የግቢው የብረት በር ነው፤ አምሽቶ የሚገባ ሁሉ ሲዘጋው ሰፈሩን ያነቃል።

እነዚህ ሦስቱ በአንድ መንገድ አይመጡም። የሰው ንግግር ቃሉ እየተለየ የሚሰማ ከሆነ፣ በአብዛኛው በአየር ክፍተት በኩል ያልፋል ማለት ነው። ደህና ሆኖ የተመረገ የጭቃ ግድግዳ ወፍራምና ከባድ ስለሆነ ንግግርን ያፍነዋል፤ በእሱ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ቃል ቢኖር የደበዘዘና የማይለይ ነው። ጉምታው ግን የተለየ ነው። ወፍራም ድምፅ ግድግዳውንና ወለሉን ራሳቸውን እያንቀጠቀጠ ስለሚሻገር፣ ክፍተት ሁሉ ቢደፈን እንኳ አይቀርም። ይህን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፤ ጆሮን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ማዳመጥ፣ ቀጥሎ ደግሞ ወንበር ላይ ቆሞ ወደ ኮርኒሱ ተጠግቶ ማዳመጥ። እኔ ስሞክረው ጉምታው ግድግዳው ላይ በረታ፤ ንግግሩ ግን ከግድግዳው ይልቅ ኮርኒሱ አጠገብ ጠራ። ያን ጊዜ ነገሩ ከላይ መሆኑን ጠረጠርኩ፤ ያረጋገጥኩት ግን በጆሮዬ ሳይሆን በዓይኔ ነው።

ግንቦት ገብቶ ሙቀቱ የበረታበት ሌሊት ነበር። መስኮቱን ለሐይቁ ነፋስ ከፍቼ፣ መብራቴን አጥፍቼ ተጋድሜ ድምፁን እያዳመጥኩ ሳለ፣ ከራስጌዬ በላይ ኮርኒሱ ከግድግዳው በሚገናኝበት ጥግ ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር አየሁ። መጀመሪያ ከውጭ የገባ የመንገድ መብራት መሰለኝና መስኮቱን ዘግቼ መጋረጃውን ሳብኩ። መስመሩ አልጠፋም። ተነሥቼ ቆምኩና ስጠብቅ፣ ጎረቤቴ መብራቱን አጠፋ፤ ያን ጊዜ መስመሩም አብሮ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ፣ ውኃ ሊጠጣ ይሁን ምን ይሁን አላውቅም፣ መልሶ ሲያበራ ብርሃኑ በእኔ ኮርኒስ ጥግ ላይ ተመልሶ መጣ።

በጨለማ ውስጥ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። በእሱ ክፍል ውስጥ ያለ አምፖል የእኔን ክፍል ሊያበራ የሚችለው በሁለታችን መካከል የቆመው ግድግዳ ከኮርኒሱ በላይ የማይቀጥል ከሆነ ብቻ ነው። የግቢያችን ክፍሎች በአንድ ቆርቆሮ ሥር በተርታ የተሠሩ ናቸው፤ ሠሪው ግድግዳዎቹን እስከ ኮርኒሱ ካደረሰ በኋላ፣ ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ያለውን ቦታ ለሁሉም ክፍል የጋራ አድርጎ ትቶታል ማለት ነው። ወጪ ለመቆጠብ በዚህ መንገድ የሚሠሩ የኪራይ ቤቶች ብዙ ናቸው። ድምፁ ከእሱ ክፍል በኮርኒሱ ቀዳዳ ይወጣል፤ በላይኛው ባዶ ቦታ ቆርቆሮው እየመለሰው ይሻገራል፤ በእኔ ኮርኒስ ጠርዝ ይወርዳል። ወራት ሙሉ ስቆጣበት የነበረው ግድግዳ ሥራውን ይሠራ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የዚህ ነገር ሥር ከጎረቤቴ ጠባይ በላይ፣ ከራሳችን በላይ፣ በጋሼ ጣሪያ ሥር ነበር።

በማግሥቱ ለማረጋገጥ አንድ ነገር ሞከርኩ። በኮርኒሱ ጠርዝ ላይ ባለው ክፍተት የታጠፈ አሮጌ ጋቢ ወትፌ ማታውን ጠበቅሁ። የዜና አንባቢው ድምፅ ነበረ፤ ቃሉን ግን መለየት አልቻልኩም። ጉምታው ግን እንደነበረው ቀጠለ። ጋቢውን መልሼ አወጣሁት፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ጣሪያ ሥር ጨርቅም ሆነ ስፖንጅ መወተፍ ለእሳት መጋበዝ ስለሆነ፣ ለሙከራ እንጂ ለመፍትሔ አይሆንም።

ለጎረቤቴ ያነበብኩለት ረቂቅ

ደብዳቤውን ስጀምር ሕጉን ልጥቀስ ወይስ ልተው የሚለው አስጨነቀኝ። የምጠቅሰው አላጣሁም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 የንብረት ባለቤት የሆነ ሰው ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅ ወይም መንቀጥቀጥ ከመልካም ጉርብትና ልክ አሳልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ልኩም የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ ታይቶ እንደሚመዘን ይናገራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የወጣው የድምፅ ደረጃም በቀን 55፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ደግሞ 45 ዴሲቤል ነው። በስልኬ ላይ ባለ መለኪያ ስለካው ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ45 በላይ ይወጣ ነበር።

ቢሆንም ሁለቱንም ከደብዳቤው አስቀረሁ። የስልክ መለኪያ በታወቀ መሣሪያ ስላልተስተካከለ ለማስረጃ አይበቃም፤ በተለይም የውፈሩን ወፍራም ድምፅ ከሚሰማን አሳንሶ ስለሚያሳይ፣ ደረታችን እየተመታ ቁጥሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል። በቁጥር ክርክር ከከፈትኩ ክርክሩ በቁጥሩ ላይ ይቀራል። የሕጉን አንቀጽ የተውኩት ደግሞ ጋሼ ለክስ የሚዘጋጅ ሰው ደብዳቤ የደረሳቸው መስሏቸው እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። በግቢያቸው ውስጥ እየኖርን፣ ያልተጠየቁትን ነገር ገና ስንጠይቃቸው አንቀጽ ማስቀደም አስፈላጊ አልመሰለኝም። ጉዳዩ ወደ ቀበሌ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ግን አስገባው ነበር።

ረቂቁን ከጨረስኩ በኋላ፣ ወደ ጋሼ ከመውሰዴ በፊት ለጎረቤቴ ልነግረው ወሰንኩ። ስለ እሱ የተጻፈን ነገር ከአከራዩ አፍ እንዲሰማው ማድረግ ከዚያ በኋላ የሚኖረውን ጉርብትና ያበላሻል። በዕረፍት ቀኑ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልቼ ጠራሁትና ረቂቁን አነበብኩለት። እያነበብኩ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ስለ ኮርኒሱና ስለ ብርሃኑ የሚለው ክፍል ላይ ስደርስ ግን ቀና አለ።

«እታለም፣ እኔም እኮ የእናንተን ጠዋት እሰማለሁ» አለኝ። «ሬድዮው 12 ሰዓት ላይ ሲከፈት ከእኔ አልጋ አጠገብ የተከፈተ ነው የሚመስለኝ። ልጁ ትምህርቱን ጮክ ብሎ ሲያጠናም እሰማዋለሁ። ሌሊት ስለማመሽ ጠዋት መተኛት እፈልጋለሁ፤ ግን የሴት ልጅ ቤት ላይ ምን እላለሁ ብዬ ተውኩት።»

ይህን ሲለኝ የደብዳቤው መልክ ተለወጠ። መንገዱ በላይኛው ክፍተት ከሆነ በሁለቱም በኩል ማስኬዱ የግድ ነው፤ ማሰብ የነበረብኝን የነገረኝ እሱ ነው። የእሱ ቅሬታ ሲጨመርበት ደብዳቤው የአንድ ተከራይ ክስ መሆኑ ቀርቶ፣ በአንድ የቤት ጉድለት የተጎዱ የሁለት ተከራዮች አቤቱታ ሆነ። አከራይ በተከራይና በተከራይ መካከል ዳኛ መሆን አይወድም፤ ሁለቱ ተስማምተው ስለ ቤቱ ሲያመለክቱት ግን የሚደግፈው ወገን መምረጥ አያስፈልገውም። ጎረቤቴም ሳልጠይቀው እፈርማለሁ አለ። ስለ ውፈሩ የተጻፈው እንዲቀር ግን አልጠየቀም፤ እኔም አላስቀረሁትም። ጉምታው የሱ ድርሻ ነው፤ ይህን በግልጽ ተነጋገርን።

ደብዳቤው

በሁለት ቅጂ የጻፍነው ደብዳቤ እንዲህ ይላል።

*ለተከበሩ አከራያችን፤*
*ባሉበት፤*

*ጉዳዩ፦ በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍል መካከል ስላለው የድምፅ መተላለፍና ስለ ግቢው በር*

*በመጀመሪያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።*

*በሚያዝያ ወር በስልክ እንዳመለከትነው፣ ከሦስተኛው ክፍል የሚመጣ የቴሌቪዥንና የውፈር ድምፅ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ድረስ የሁለተኛውን ክፍል ነዋሪዎች እንቅልፍና የልጅ ጥናት ያውካል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮም ከሁለተኛው ክፍል የሚወጣ ድምፅ አምሽቶ ከሥራ የሚገባውን የሦስተኛውን ክፍል ነዋሪ ያውካል። ድምፁ የታየባቸውን ቀናትና ሰዓታት የያዘ መዝገብ ከዚህ ጋር አያይዘናል።*

*ምክንያቱን ስንመረምር፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ከኮርኒሱ በላይ እንደማይቀጥልና በላይ በኩል ቦታው ክፍት እንደሆነ አረጋግጠናል። በአንዱ ክፍል የበራ መብራት በሌላው ክፍል ኮርኒስ ጠርዝ ይታያል። ንግግር ቃሉ ሳይቀር የሚተላለፈው በዚህ ክፍተት ነው። በተጨማሪም የግቢው የብረት በር ማጠፊያው ስለዘመመ መቀርቀሪያው ከቦታው አይገጥምም፤ በመሆኑም በኃይል ካልተመታ አይዘጋም።*

*ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት እንጠይቃለን። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ከኮርኒሱ በላይ እስከ ቆርቆሮው እንዲቀጥል፤ የበሩ ማጠፊያ በበያጅ እንዲስተካከል፤ እንዲሁም ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ድረስ በግቢው ውስጥ ውፈር እንዳይከፈትና ሌላውም ድምፅ ከክፍሉ እንዳይወጣ የሚል ደንብ ለሁላችንም በእኩል በውላችን ላይ እንዲጨመር። የግድግዳው ሥራ ጭቃው ሳይደርቅ ዝናብ እንዳይመጣበት ሰኔ ከመግባቱ በፊት እንዲሠራ፣ ለዚህም ጋሼ መጥተው የሚያዩበትን ቀን እንዲነግሩን እንለምናለን።*

*የሦስተኛው ክፍል ነዋሪ ውፈሩን ከግድግዳው አርቆ ለማስቀመጥና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ላለመክፈት ተስማምቷል። ሁለታችንም በሥራው ቀን ዕቃ በማንሣትና ጭቃ በማቀበል እንረዳለን።*

*ከአክብሮት ጋር፤*
*የሁለተኛውና የሦስተኛው ክፍል ተከራዮች*

ደብዳቤውን በግቢው በር ላይ፣ በሰው ፊት መስጠት ስላልፈለግሁ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዓባይ ማዶ ድረስ ወሰድኩላቸው። አንዱን ቅጂ ሰጥቼ፣ በሁለተኛው ላይ መቀበላቸውን በቀን እንዲፈርሙልኝ ጠየቅሁ። በዚህ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ፤ «ለእኔና ለአንቺ ፊርማ ምን ያደርጋል?» አሉ። ሰኔ ሲቃረብ እኔም ሆንኩ እሳቸው ቀኑን እንዳንረሳው ነው አልኳቸው፤ ፈረሙ። መነጽራቸውን አድርገው ሲያነቡ፣ ብርሃኑ የሚታይበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙና «ግድግዳው አይደርስም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ቤቱን ያሠሩት እሳቸው ሆነው ይህን አያውቁም ነበር፤ ሥራውን በኮንትራት ሰጥተው የተረከቡት ኮርኒሱ ከተመታ በኋላ ነበርና።

ከኮርኒሱ በላይ

በዚያው ሳምንት ጭቃ የሚመርግ ባለሙያ ይዘው መጡ። ሰውየው ኮርኒሱን በአንድ ጥግ ከፍቶ ወደ ላይ አየና፣ ክፍተቱ በዝቅተኛው በኩል ክንድ የማይሞላ፣ በከፍተኛው በኩል ግን ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት መሆኑን ነገረን። ጋሼ መጀመሪያ ያሰቡት በብሎኬት እንዲደፈን ነበር። ባለሙያው አልተስማማም፤ ከሥር ያለው የጭቃ ግድግዳ የቆመው በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ስለሆነ፣ በራሱ ላይ ብሎኬት ቢደረደርበት ክብደቱ ወደ አንድ ጎን እንዳይገፋው ሰጋ። ችፑድ ከሁለት በኩል ይመታ የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር፤ ይህ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ሆኖም ቀጭንና ቀላል ነገር ድምፅን በደንብ አያግድም። በመጨረሻ የተወሰነው ግድግዳውን በራሱ ዓይነት መቀጠል ነው። ቀጫጭን ቋሚ እንጨት ከግድግዳው ራስ እስከ ወራጁ ድረስ ተተከለ፣ ማገር ተመታበት፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ከሁለቱም በኩል ተመረገ።

ከሥራው ሁሉ ጥንቃቄ የጠየቀው መጨረሻው ነው። ቆርቆሮው ሞገድ ስላለው፣ ግድግዳው እስከ ቆርቆሮው ደረሰ ቢባልም ከእያንዳንዱ ሞገድ ሥር እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይቀራል። ባለሙያው እዚያ ሲደርስ «ይኼ ይበቃል» ብሎ ሊወርድ ነበር፤ እንዲደፍነው ለመንኩት። ትንንሽ ክፍተቶች ሲደመሩ የግድግዳውን ጥቅም ብዙውን ያስቀራሉ፤ ድምፅ እንደ ውኃ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ፈልጎ ያገኛል። ሽቦው የሚያልፍበት ቦታም በቱቦ ውስጥ ሆኖ ዙሪያው በጭቃ ተመረገ። ጭቃው ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ስንጥቁን በቀጭን ጭቃ ለሰነው። ያኔ የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ከቆርቆሮ ሥር ስለሆነ አልነካውም፤ ግን መድረቁ ዘገየ።

በሩን በያጅ መጥቶ ማጠፊያውን ከፍ አድርጎ በየደው፤ ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም። የግቢው ሰው ሁሉ ይህን ለምን ድሮ አላደረግነውም ብሎ ተገረመ።

አሁን የዜና አንባቢውን አልሰማም። ሰው መናገሩን አንዳንድ ጊዜ አውቃለሁ፤ የሚለውን ግን አላውቅም፤ ጎረቤቴም ሬድዮዬን እንደማይሰማ ነግሮኛል። ጉምታው ግን እንደገመትነው በግድግዳው ሥራ አልጠፋም። ውፈሩ የነበረው ከግድግዳውና ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ጥግ ላይ ነበር፤ ጥግ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ያጎላዋል። ከጥግ አውጥቶ፣ ሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጎ በወንበር ላይ ሲያስቀምጠው ብዙ ቀነሰ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ በቴሌቪዥኑ ድምፅ ብቻ ይጠቀማል። ቅዳሜና እሑድ የአውሮፓ ኳስ ሲኖር ይዘነጋዋል። ያን ጊዜ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አንኳኳለሁ፤ እሱም ይቀንሰዋል። አስቀድመን የተነጋገርንበት ነገር ስለሆነ ማንኳኳቴ እንደ ጠብ አይታይም።

ያልተፈጸመው የደንቡ ጉዳይ ነው። ጋሼ ግድግዳውንም በሩንም ሳያንገራግሩ አሠሩ፤ ደንቡን በውል ላይ ማስገባት ግን አልወደዱትም። «እናንተ ተስማምታችኋል፤ ወረቀት ላይ ምን ይጻፋል?» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የአንደኛው ክፍል ተከራይ በቅርቡ ሊለቅ ነው፤ የሚገባው ሰው በቡና ላይ የተስማማነውን አያውቅም፤ አንደኛውና ሁለተኛው ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ ከኮርኒሱ በላይ እንደ ሌላው ሁሉ ክፍት ነው። ውሎቻችን የሚታደሱት በመስከረም ስለሆነ ሁለተኛውን ደብዳቤ ከጎረቤቴ ጋር እያዘጋጀን ነው። ከመስቀል በኋላ ጭቃው ቶሎ ስለሚደርቅ የአንደኛውም ክፍል ግድግዳ እንዲቀጥል፣ የደንቡ ዓረፍተ ነገርም አዲሱ ተከራይ ከመፈረሙ በፊት በውሉ ላይ እንዲገባ እንጠይቃለን። ጋሼ የፈረሙበትን የመጀመሪያውን ቅጂ አብረን እናያይዘዋለን።